ሰርተፊኬቴ ጊዜው አልፎበታል፣ ደንበኛው እስከ ነገ ጠዋት ይፈልገዋል!

የማራኪዋ፦ ሰላም፣ አፕወርክ ላይ አንድ ካናዳዊ ለሥራ ጋብዞኝ "የጉግል ማስታወቂያ ሰርተፊኬትሽን ሊንክ ላኪልኝ" አለኝ። ስከፍተው ጊዜው አልፏል ይላል። ሌሎች 9 ሰርተፊኬቶች አሉኝ፣ እነሱን ልላክለት? መብራት እየሄደ እየመጣ ነው፣ ቶሎ በሉኝ!

አራዳ_ልጅ፦ 9? የጎንደር አድባራት 44 ናቸው፣ ገና ብዙ ይቀርሻል 😂

ጋሼ_ጥላሁን፦ የዛሬ ልጆች ወረቀት መሰብሰብ ትወዳላችሁ። ሰው የሚቀጥረው ሥራ አይቶ ነው። ሰርተፊኬት ማንም አያይም፣ የሚታየው አፕወርክ የሚሰጥሽ የሥራ ስኬት ነጥብ ብቻ ነው።

ቤዛ_ማርኬቲንግ፦ ጋሼ፣ ለእርስዎ ልክ ነው፣ ብዙ ሥራ የሠራ ሰው ነጥቡ ይበቃዋል። ጀማሪ ግን ነጥብ ገና የለውም።
እህቴ፣ ሌሎቹን አትላኪ። ኮርስ ጨረሰች የሚል ወረቀት መጨረስሽን ብቻ ነው የሚናገረው። ሰውየው የጠየቀው ጉግል ራሱ ፈትኖ የሚሰጠውን ነው፣ ሊንኩን ከፍቶ ስምሽንና ቀኑን ያያል። ፈተናው ስኪልሾፕ በሚባለው የጉግል መማሪያ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ነው፣ የሚያገለግለው አንድ ዓመት ነው። 75 ደቂቃ አለሽ፣ ማለፊያው 80 በመቶ። ከወደቅሽ 24 ሰዓት ትጠብቂያለሽ፣ ማለትም የነገው ጠዋት አለቀ። ሰዓቱ ከጀመረ አይቆምም፣ ስለዚህ ላፕቶፑን ሞልተሽ፣ በስልክ ዳታ ሆነሽ ግቢ። ለመሆኑ የቱ ነው ያለፈብሽ? ሰርች፣ ዲስፕሌይ፣ ሾፒንግ የየራሳቸው ፈተና አላቸው።

የማራኪዋ፦ የኔ ሰርች ነበር። ሥራው የጫማ ሱቅ ነው፣ ዕቃዎቹ ከነፎቷቸውና ከነዋጋቸው ጉግል ላይ እንዲወጡለት ይፈልጋል።

ቤዛ_ማርኬቲንግ፦ እንግዲያው ሾፒንግን ውሰጂ! ሰርችን ብታድሺ የሱን ሥራ አይነካም። አሁኑኑም "ጊዜው አልፎ ነው፣ ዛሬ እያደስኩት ነው" ብለሽ ጻፊለት፣ ሊንኩን ከፍቶ ራሱ ከሚያገኘው ይሻላል።

አዘዞ_ዲዛይን፦ እኔ ፋይቨር ላይ ሎጎ እሠራለሁ። የአዶቤ ሰርተፊኬት ነበረኝ፣ በሁለት ዓመት አንድም ሰው አልጠየቀኝም። አውርጄው ምንም አልተለወጠም። ሎጎሽን ያያሉ፣ አለቀ።

ቤዛ_ማርኬቲንግ፦ ሎጎ በዓይን ይታያል ወንድሜ። ማስታወቂያ ግን የሰው ገንዘብ ነው የምታቃጥለው፣ አካውንቱን ለማያውቁት ሰው ከማስረከባቸው በፊት ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። ሰርተፊኬቱ ቢኖርም እንኳ በሩን ነው የሚከፍትልሽ። ከዚያ አንድ የሠራሽውን አካውንት አሳዪው፣ የደንበኛውን ስም ሸፍነሽ፣ ስንት ወጥቶ ስንት ጫማ እንደተሸጠ።

የማራኪዋ፦ የሠራሁት ያክስቴ ልጅ ሱቅ ብቻ ነው፣ 3 ሳምንት።

ቤዛ_ማርኬቲንግ፦ እሱም ይሁን፣ እንዳለ ተናገሪ። ሌሎቹን 9 ደግሞ ከፕሮፋይልሽ ላይ አውርጃቸው፣ የሚፈለገው ሰርተፊኬት በመሃላቸው እየጠፋ ነው።

ጋሼ_ጥላሁን፦ 9ኙን ማውረዱ ላይ አልስማማም፣ ለፍታበታለች እኮ።

ዳሽን23፦ ስኪልሾፕ ገብተሽ ተፈተኚ በቃ።

አራዳ_ልጅ፦ ከላይ ያለውን አንብብ 😂

የማራኪዋ፦ መብራት መጣ! ገባሁ።

ቤዛ_ማርኬቲንግ፦ እህቴ፣ አለፍሽ?

አራዳ_ልጅ፦ መብራቱ ይሆናል ያለፈው።