የመጀመሪያ ሰዓት፦ ኦቶማቲክ ወይስ ባለ ባትሪ?

አዲስ ገዢ፦ ወንድሜ ከዱባይ ሊመጣ ነው። እስከ 250 ዶላር የሚያወጣ ሰዓት አምጣልኝ ልለው አስቤያለሁ፤ የመጀመሪያ ሰዓቴ ነው። በክንድ እንቅስቃሴ የሚሞላው ሴይኮ 5 ኦቶማቲክ ይሻለኛል ወይስ በዚያው ዋጋ ጥሩ ባለ ባትሪ ኳርትዝ? የትኛው ልክ ይቆጥራል፣ የትኛው ይቆያል፣ ልሽጠው ብልስ የትኛው ዋጋ ያወጣል?

የሪያዱ፦ ኦቶማቲክ ግዛ፣ ምን ያከራክራል? አባቴ ከጅዳ ያመጣው ሴይኮ 5 በዕድሜ ይበልጠኛል። አንድም ቀን ተከፍቶ አያውቅም፣ ዛሬም እጄ ላይ ይሄዳል። ባትሪ የሚበላ ሰዓት አምስት ዓመት ካገለገለህ ዕድለኛ ነህ፤ ከዚያ መጣል ነው። ኦቶማቲክ እንደ ወርቅ ነው፣ ስትሸጠው ገንዘብህን ይመልስልሃል።

ሰዓት ሠሪው፦ ልጄ፣ የአባትህን ሰዓት አላቃልልም፤ የሴይኮ 5 ማሽን ጠንካራ ነው። ግን ተከፍቶ አያውቅም ያልከው እኔን ያሳስበኛል። ውስጡ ያለው ዘይት ዓመታት ሲቆጠሩ ይደርቃል፣ ወይም ከቦታው ይሸሻል። ማሽኑ ግን በዚያ ምክንያት ወዲያው አይቆምም። ሞላው ጉልበተኛ ስለሆነ ብረት ብረትን እየፋቀም ቢሆን ይገፋዋል። እንዲህ ያለውን ሰዓት ስከፍተው በጥርሶቹ ዘንግ ዙሪያ ዝገት የመሰለ ዱቄት አገኛለሁ፤ የተፋቀው ብረት ነው። ያኔ ማጽዳትና ዘይት መቀባት ብቻ አይበቃም፣ የተበላው ጥርስ መቀየር አለበት።

ኳርትዝ ውስጥ ጥርሶቹን የሚያዞረው በጣም ደካማ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ስለዚህ መፋጨቱም ያን ያህል ነው። ባትሪ ብቻ እየተቀየረላቸው 30 ዓመት የሄዱ ኳርትዞች በእጄ አልፈዋል። የሚገድላቸው እርጅና ሳይሆን የባለቤቱ ስንፍና ነው። ባትሪው ሲያልቅ ሰውዬው ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል፣ ያለቀው ባትሪ ከጊዜ በኋላ ያፈሳል፣ ፈሳሹም ፀጉር የምታህለውን የሞተሩን የመዳብ ሽቦ ይበላታል። ሌላው ደግሞ ኳርትዝ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ለባትሪ ይከፈታል። የከፈተው ሰው ክዳኑን በቢላ ፈልቅቆ የጎማውን ቀለበት አጣሞ ከመለሰው ላብ ይገባል። ፊቱ ላይ ጉም ሲታይህ በአብዛኛው ከዚያ ነው።

አዲስ ገዢ፦ ጋሼ አመሰግናለሁ። ልክ መቁጠሩስ ላይ ልዩነታቸው የሚታይ ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ ሴይኮ 5 አለኝ፣ ማሽኑ 4አር36 የሚሉት ነው። ፋብሪካው ራሱ የሚፈቅደው በቀን ከ35 ሰከንድ መዘግየት እስከ 45 ሰከንድ መቅደም ነው። የእኔው በቀን 18 ሰከንድ ያህል ይቀድማል። በሳምንት ሁለት ደቂቃ አለፍ ይላል፣ ካልነካሁት በወር 9 ደቂቃ። የባለቤቴ ተራ ሲቲዝን ኳርትዝ ደግሞ በወር 15 ሰከንድ ቢሳሳት ነው። ማወዳደር አይቻልም። እኔ ግን ሰኞ ጠዋት ማስተካከሉን ወድጄዋለሁ፤ የእኔ ጠባይ ነው፣ ለሁሉም አልመክርም።

የሪያዱ፦ ያንተ ተበላሽቷል ማለት ነው። የእኔ አንዲት ሰከንድ አያልፍም።

ሰዓት ሠሪው፦ የሲልቨር ስፕሪንጉ ሰዓት ደህና ነው፤ 18 ሰከንድ ለዚያ ማሽን ጥሩ የሚባል ነው። ያንተን ደግሞ ዛሬ ማታ ከስልክህ ጋር አስተካክለውና ነገ በዚያው ሰዓት ንገረን። ቀን እጅህ ላይ ሲቀድም፣ ሌሊት በጎኑ ስታስተኛው ሲዘገይ፣ ድምሩ ዜሮ ሆኖ ልክ የሚመስል ሰዓት አለ። ሜካኒካል ሰዓት አቀማመጡን ይከተላል፤ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ሲተኛና መሙያው ወደ ታች ሆኖ ሲቆም አንድ ዓይነት አይሄድም። የሚያውቁበት ሰዎች አስተኛኘቱን በመቀየር ብቻ ሳይከፍቱት ያርሙታል።

በአንድ ሌሊት ተነስቶ በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ከጀመረ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ በአብዛኛው ማግኔት ነክቶታል። አንዲት ደንበኛ ይህ ደርሶባት ማሽኑ አልቆለታል ተብላ አዲስ እንድትገዛ ተነግሯት ነበር። ኮምፓስ አጠገቡ ሳደርግ መርፌው ወደ ሰዓቱ ዞረ። ማታ ማታ የምታስቀምጠው ከስፒከር አጠገብ ነበር። ማሽኑ ውስጥ የምትወዛወዘው ጥቅልል ቀጭን ሽቦ ማግኔት ሲይዛት እርስ በርሷ ትጣበቃለች፣ ታጥራለች፣ ያጠረች ጥቅልል ደግሞ በፍጥነት ትወዛወዛለች። ማግኔት የሚያወጣው መሣሪያ ርካሽ ነው፤ ሥራው ደቂቃም አይፈጅም፣ ክዳኑም አይከፈትም።

የቦሌዋ፦ እኔን ግን ኦቶማቲክ አቃጥሎኛል። አባቴ የሰጠኝ ሴይኮ ማታ አውልቄው ጠዋት ቆሞ ነው የማገኘው። ስወዘውዘው ትንሽ ይሄድና ደግሞ ይቆማል። 41 ሰዓት ይቆያል ሲባል እሰማለሁ፣ ውሸት ነው።

ሰዓት ሠሪው፦ የሰከንድ ቆጣሪው እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው ወይስ በየሰከንዱ እየዘለለ?

የቦሌዋ፦ እየዘለለ። አንዳንዴ ሁለት ሁለት ሰከንድ ይዘላል። ፊቱ ላይ ካይኔቲክ ይላል።

ሰዓት ሠሪው፦ እንግዲያው ኦቶማቲክ አይደለም። እሱ ኳርትዝ ነው፤ ባትሪውን ክንድሽ የሚሞላለት ኳርትዝ። በሁለት ሁለት ሰከንድ መዝለሉ ኃይል አልቆብኛል ማለቱ ነው። የሚያጠራቅምበት ክፍል አርጅቷል፣ እሱ ከተቀየረ ይድናል። ቀያሪው ተራ ባትሪ እንዳያስገባልሽ ብቻ፤ ተራ ባትሪ ሲሞላ ያፈሳል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ 41 ሰዓቱ እውነት ነው፣ ግን ሙሉ በሙሉ ለተሞላ ነው። ዓርብ ማታ አውልቄው እሑድ ከሰዓት ቆሞ አገኘዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ላይ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ላይሞላ ይችላል። አዲስ ገዢ፣ ሥራህ ምንድን ነው?

አዲስ ገዢ፦ ሒሳብ ክፍል ነኝ፣ ስቀመጥ ነው የምውለው። ሌላ ጥያቄ፦ ሰዓቴን የምሞላው በእኛ አቆጣጠር ነው። ሴይኮ 5 ቀንም ያሳያል፤ ችግር አለው?

ሰዓት ሠሪው፦ ቀኑን የሚቀይረው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲደርሱ ነው። በእኛ አቆጣጠር ካስተካከልከው ቀኑ ወይ ከጠዋቱ 12 ይቀየራል፣ ወይ ከምሽቱ 12፤ እኩለ ሌሊት ላይ አይሆንም። ምሽት ከተቀየረና ጠዋት እንዲሆን ከፈለግህ ቆጣሪዎቹን 12ን አንድ ጊዜ ተጨማሪ አሳልፋቸው። ዋናው ጥንቃቄ ግን እዚህ ነው፦ ከመቀየሩ በፊትና በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓቶች የቀኑ ጥርስ ተያይዟል። ያኔ መሙያውን ስበህ ቀኑን በኃይል ከቀየርክ ጥርሱ ሊሰበር ይችላል። ሁልጊዜ በቅድሚያ ቆጣሪዎቹን ወደ 6 አምጣ፤ በየትኛውም አቆጣጠር 6 ላይ ምንም አይነካም። ኳርትዝም ቀን ካለው ይኸው ነው።

የመርካቶ ነጋዴ፦ ስለ መሸጥ ማንም አልመለሰለትም፣ እኔ ልናገር። በዚህ ዋጋ ሁለቱም ይወድቃሉ። እንደ ወርቅ የሚባለው የሮሌክስ ወሬ ነው፤ ለሴይኮ 5 አይሠራም። ልዩነቱ ያገለገለ ሴይኮ 5 ፈላጊ አያጣም፣ ስሙን ሁሉም ያውቀዋል። ስሙ የማይታወቅ የፋሽን ኳርትዝ ግን ሳጥኑን ጨምረህም ገዢ የለውም። ካሲዮ ኤፍ-91 ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተሠራ ነው፣ አዲሱ ራሱ ርካሽ ስለሆነ ያገለገለውን ማን ይገዛል?

ገዢ የሚፈራው ደግሞ የተቀባ ነው። ከሕንድ የሚመጡ የድሮ ሴይኮ 5ቶች አሉ፤ ማሽኑ እውነተኛ፣ ፊቱ ግን እንደገና የተቀባ። ፋብሪካው አውጥቶት የማያውቅ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም አረንጓዴ፣ ፊደሉ ወፈር ያለ፣ ጠርዙ የተበተነ። ከጀርባው ያለው መለያ ቁጥር የመጀመሪያው አኃዝ የተሠራበት ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ነው፣ ሁለተኛው ወሩን ይነግርሃል። ያ ቁጥር ሻጩ ከሚያወራው ዘመን ጋር ካልገጠመ ተወው። የሪያዱ፣ የአባትህ ፊት ምን ዓይነት ቀለም ነው?

የሪያዱ፦ ሰማያዊ። አባቴ አዲስ ነው የገዛው፣ ተወኝ! ግን ጋሼ፣ ይከፈት ካሉ ስንት ያስወጣኛል?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ ያለሁበት ሙሉ እድሳት ከ150 ዶላር በላይ ጠየቁኝ። የዚያው ማሽን ወንድም፣ ኤንኤች36 የሚባለው፣ አዲሱ በ50 ዶላር አካባቢ ይገኛል። አውጥተህ መጣል፣ አዲሱን መክተት። ሒሳቡ ግልጽ ነው፣ ሜካኒካል ለዘላለም ይጠገናል የሚባለውም በዚህ ዋጋ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ሰዓት ሠሪው፦ በዚህ አልስማማም። አዲሱ ማሽን ለአዲሱ ሰዓት ይገጥማል፣ ለአባቱ አይገጥምም፤ የድሮው ሌላ ማሽን ነው፣ ፊቱን የሚይዙት እግሮች ቦታቸው ይለያል። እኔ ጋ ደግሞ ጉልበት ከዕቃ ይረክሳል፣ አጥቤ ዘይት ብቀባው ይሻለዋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ለድሮው ልክ ነዎት። ለአዲስ ገዢ ግን ከስምንት ዓመት በኋላ ያን የሚሠራለት ሰው ይኖራል? ልጆች ይህን ሙያ እየተማሩ ነው?

ሰዓት ሠሪው፦ እኔ ጋ አንድ ልጅ አለ። እሱም ስልክ ጥገና ይሻለኛል እያለ ነው።

አዲስ ገዢ፦ በብርሃን የሚሞላው ሲቲዝንስ? ባትሪ መቀየር የለበትም ይላሉ።

ሰዓት ሠሪው፦ ለአንተ አኗኗር እሱን እመርጥልሃለሁ። ልክ ይቆጥራል፣ ለብዙ ዓመት አይከፈትም። እጅጌ ሥር ደብቀህ አትዋል፣ መሳቢያ ውስጥም ለወራት አትተወው፤ መስኮት ዳር አሳድረው።

የሪያዱ፦ ነፍስ የሌለው ሰዓት አስገዙት በሉኛ።

የመርካቶ ነጋዴ፦ የትኛውንም ቢገዛ ወንድሙ ደረሰኙን፣ የዋስትና ወረቀቱንና ከብረት ማሰሪያው ላይ የሚወጡትን ትርፍ ቁራጮች እንዳይጥል። ቀጭን እጅ ያለው ሰው አሳጥሮ ቁራጩን ይጥልና፣ ወፍራም እጅ ያለው ገዢ ሲመጣ ሽያጩ ይፈርሳል።