የዕቅድ ውይይት፦ «ኢሲጂው ደህና ነው፣ ጭንቀት ነው» ከማለቱ በፊት ተማሪው ምን ይጠይቅ?

የረቂቁ አዘጋጅ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)

ሰላም የማኅበሩ አባላት። ለትምህርት ኮሚቴ የምናስገባውን የጋራ ሐሳብ እዚሁ ብንጨርሰው። የደረት ሕመም ይዞ የመጣ ሰው ችግሩ ልቡ ነው ወይስ የፓኒክ ሕመም? ወርድ የጀመሩ ተማሪዎች ይህን እንዲለዩ የግማሽ ቀን ትምህርት ይኑር ብለን ነበር። እኔ ትምህርቱ በአንድ ታሪክ ላይ እንዲቆም እፈልጋለሁ። ታሪኩን አውቀዋለሁ፤ ማንነቷን የሚያሳየውን ብቻ ቀይሬዋለሁ።

ልጅቷ 26 ዓመቷ ነው። ልብስ መሸጫ ውስጥ ትሠራለች። በስምንት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል መጥታለች። ሁሌም የምትለው አንድ ነው፦ «ልቤ ድንገት ይነሣብኛል፣ ደረቴን ያፍነኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ በቃ ልሞት ነው እላለሁ።» ታክሲ እስክታገኝ፣ ካርድ እስክታወጣ፣ ተራዋ እስኪደርስ ይቆማል። ኢሲጂ ስትነሣ ልቧ በደቂቃ 88 ይመታል፤ ሌላውም ደህና ነው። ሦስቱንም ጊዜ ካርዷ ላይ «ጭንቀት» ተጻፈ። በሦስተኛው መድኃኒትም ተጀመረላት።

በአራተኛው አንዲት ነርስ መልኳን አይታ «ካርዱ ይቆይ» አለችና ወዲያው አስተኝታ ኢሲጂ አነሣቻት። ምቱ 200 ነው። ሬዚደንቱ ባዶ የ10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ሰጣትና «ውስጡ ያለው ዘንግ እስኪነቃነቅ ንፊው» አላት። ለ15 ሰከንድ ነፋች። ከዚያ በጀርባዋ አስተኝቶ እግሮቿን ወደ ላይ አነሣላት። ማሽኑ የሚያሳየውን ገና ሳታይ «ቆመ!» አለች። ኤስቪቲ ነበር።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በመጀመሪያው ቀን ያያት ተማሪ ምን ብሎ ቢጠይቃት ኖሮ ይጠረጥር ነበር?

ኢንተርን

ዶክተር፣ ታሪኩ አስደንጋጭ ነው። ግን ተማሪ በተረኛ ሌሊት የሚይዘው አጭር ሕግ ይፈልጋል። እኔ የተማርኩት እንዲህ ነው፦ ዕድሜው ከ40 በታች፣ ኢሲጂ ደህና፣ ትሮፖኒን ኔጋቲቭ ከሆነ ፓኒክ ነው። ከዚያ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሰውን የወረቀት ከረጢት ውስጥ እያስተነፈስን እናረጋጋዋለን። ይህን በአንድ ገጽ ብናደርገው አይበቃም?

የልብ ሐኪም

ወንድሜ፣ ግማሹ ትክክል ነው። ኢሲጂ ይቅደም፤ ታማሚው በገባ በ10 ደቂቃ ውስጥ። ዕድሜም ግምት ውስጥ ይገባል። ስህተቱ «ከሆነ ፓኒክ ነው» የሚለው ላይ ነው። ምርመራው የሚነግርህ ምን እንዳልተገኘ ነው። ፓኒክ መሆኑን አይነግርህም።

ይህችን ልጅ እያት። ኢሲጂዋ የተነሣው ምቱ ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ደህና መሆኑ ስለ ጥቃቱ ምንም አያወራም። ትሮፖኒንም ሰዓት አለው። ሕመሙ በጀመረ በአንድ ሰዓት የተወሰደ ደም ኔጋቲቭ ቢሆን የልብ ድካምን እንኳ... ይቅርታ፣ የልብ ጡንቻ ጉዳትን እንኳ አያስወግድም። በተለመደው ዓይነት ትሮፖኒን ከ3 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ መድገም ያስፈልጋል። ሕመሙ ካልቆመ ኢሲጂውም ይደገማል።

ከረጢቱን ከሐሳባችን ውስጥ አውጡልኝ፤ በዚህ አልደራደርም። ያ ሰው ፓኒክ ሳይሆን የልብ ወይም የሳንባ ደም ሥር ቢዘጋበት ከረጢቱ ኦክስጅኑን ይቀንስበታል። በከረጢት የሚጎዳው የተሳሳትንበት ሰው ነው።

አንድ ነገር ግን ለተማሪ በአምስት ደቂቃ ይገባዋል። ወረቀቱ በተለመደው ፍጥነት ከሄደ፣ በሁለት ረጃጅም ጫፎች መካከል ያሉትን ትልልቅ ሳጥኖች ቁጠርና 300ን አካፍልበት። የልጅቷ አንድ ሳጥን ተኩል ነበር፤ 200 ይመጣል። ተቀምጦ የፈራ ሰው ልቡ 120፣ 130 ሊመታ ይችላል። ከ150 በላይ፣ ቀጭንና እንደ ሰዓት እኩል የሆነ ምት ካየህ ግን ፍርሃት ነው ብለህ አትለፈው።

ነርስ (ድንገተኛ ክፍል)

ይህ ለነርሶች የሚሰጥ ሥልጠና ከሆነ እኔ ዝግጁ ነኝ። እኛ ጋ ካርድ ሳይወጣ ኢሲጂ ማንሣት የሚፈቅድ ወረቀት የለም። ያች ነርስ በራሷ ኃላፊነት ነው ያደረገችው። የትሪያጅ ቅጹ ላይ «የልብ ምት፣ የደረት ሕመም፦ ኢሲጂ ከካርድ በፊት» የሚል መስመር ቢገባ ደስ ይለኛል።

የረቂቁ አዘጋጅ

ሲስተር፣ ሐሳቡ ለተማሪዎች ትምህርት ነው እንጂ ለነርሶች አይደለም። ያነሣሽው ነገር ግን እውነት ነው፤ ኢሲጂው ጥቃቱ ሳያልፍ ካልተነሣ ተማሪው የሚያነበው ወረቀት የለውም። ለሆስፒታሎቹ የሚጻፍ ለብቻው ደብዳቤ ይሁን። ብታረቂልኝ ደስ ይለኛል።

የሥነ አእምሮ ሐኪም

እስካሁን ስናወራ ፓኒክን «ልብ ሳይሆን የቀረው» አድርገነዋል። ተማሪው እንዲህ ከተማረ የፓኒክ ታማሚዬን ዓመት ሙሉ ኢሲጂ ሲያነሣላት ይኖራል። ፓኒክ የራሱ ገጽታ አለው። ፍርሃቱ በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ 10 ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ ቀስ በቀስ ይበርዳል። አንድ ጊዜ መምጣቱ ደግሞ ሕመም አያሰኘውም። የፓኒክ ሕመም የምንለው ያልተጠበቀ ጥቃት ሲደጋገምና ሰውየው ቢያንስ ለአንድ ወር «መቼ ይመጣብኝ ይሆን» እያለ ሲኖር፣ ወይም አካሄዱን ሲለውጥ ነው። ታክሲ ይተዋል፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይቆማል፣ ብቻውን አይወጣም። ይህን የሚጠይቅ ተማሪ አላየሁም።

የልብ ሐኪም

ዶክተር፣ እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ኤስቪቲ የተረጋገጠባቸውን 107 ሰዎች አይቶ ነበር። 67 በመቶዎቹ የፓኒክን የምልክት መመዘኛ ያሟሉ ነበር። ከግማሽ በላይ የሆኑትም በመጀመሪያው ምርመራ ኤስቪቲያቸው አልታወቀላቸውም። የኛዋም ልጅ ታክሲ ብቻዋን መሳፈር ትታ ነበር። ልቡ በድንገት 200 የሚመታ ሰው መፍራቱ፣ ከቤት አለመውጣቱ አይገርምም። ስለዚህ ፍርሃቱና መሸሹ ብቻቸውን አይለዩልንም።

የሥነ አእምሮ ሐኪም

ይህን እቀበላለሁ። መመዘኛው ራሱ «በሌላ የአካል ሕመም ካልተብራራ» ይላል፤ ተማሪው ግን ከ13 ምልክት አራቱን ቆጥሮ ያቆማል። ታዲያ ምንድን ነው የሚለየው?

የልብ ሐኪም

አጀማመሩና አቋቋሙ። እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ «ምቱ እንዴት ነበር? እስቲ በጣትሽ ጠረጴዛው ላይ አሳዪኝ።» የኤስቪቲ ሰው ያለማቋረጥ፣ እኩል፣ አንተ መከተል በማትችለው ፍጥነት ይመታዋል። የፓኒክ ሰው ብዙ ጊዜ ጠንካራ ግን ልትቆጥረው የምትችለውን ያሳይሃል። ቀጥሎ «ሲያቆም እንዴት ነው?» እላለሁ። «እንደ መብራት ማጥፊያ ቀጭ» ካለችኝ ጆሮዬ ይቆማል። «ቀስ እያለ፣ ድካም ድካም እያለኝ» ካለችኝ ወደ ፓኒክ አደላለሁ። አንገቷ ላይ ትር ትር ይላት እንደሆነ፣ ካለፈ በኋላ ሽንቷ በብዛት ይመጣ እንደሆነም እጠይቃለሁ።

ከነዚህ አንዱም ማረጋገጫ አይደለም። የሚያረጋግጠው በጥቃቱ ሰዓት የተነሣ ኢሲጂ ነው። በወር አንዴ የሚመጣን ነገር የ24 ሰዓት ሆልተር ብዙ ጊዜ አይዘውም። ስለዚህ ኢሲጂ ላለው ቅርብ ጤና ተቋም «እንደመጣች ኢሲጂ አንሡላት» የሚል ወረቀት ጽፌ በቦርሳዋ አስይዛታለሁ።

የመድኃኒት ባለሙያ

የእኔን ልንገራችሁ። ፓኒክ ያለብኝ እኔ ነኝ። ሕመሜ ሳይታወቅ አምስት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ገብቻለሁ። ኢሲጂዬ በጥቃቱ ሰዓትም ተነሥቷል፤ 118 ነበር፣ ደህና ነበር። ያመመኝ «ምንም የለብሽም» የተባልኩት ነው። ምንም ከሌለብኝ ያ ሁሉ ምንድን ነው ብዬ ሌላ ሆስፒታል ሄድኩ። አምስተኛው ላይ አንዲት ሬዚደንት ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ልብሽን አይተነዋል፣ ይህ ወረቀት የሚያሳየው ልብሽ በፍጥነት ቢመታም በትክክል እየመታ መሆኑን ነው። የያዘሽ ነገር ስም አለው፣ ሕክምናም አለው» አለችኝ። ቀጠሮም ሰጠችኝ። ስድስተኛ አልሄድኩም። እባካችሁ ተማሪው የሚናገረውን ዓረፍተ ነገርም አስተምሩት።

ጠቅላላ ሐኪም (ክፍለ ሀገር)

እኛ ጋ ትሮፖኒን የለም፤ አንዳንድ ቀን የኢሲጂ ወረቀትም ያልቃል። ስለዚህ ታሪክ መቀበል ላይ ብታተኩሩ ለእኛ ይጠቅመናል። አንድ የተማሪ ስህተት ደጋግሜ አያለሁ። ታማሚው «ልቤን አመመኝ» ሲል ተማሪው «የደረት ሕመም» ብሎ ይጽፋል። ብዙዎቹ ገበሬዎቻችን «ልቤን» ሲሉ እጃቸው የሚያርፈው ከእምብርት በላይ፣ ጨጓራው አካባቢ ነው። ተገላቢጦሹም አለ። አንድ የ58 ዓመት ሰው «ልቤን አቃጠለኝ» ብለው የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ነበር። ዳገት ሲወጡ ብቻ እንደሚመጣ፣ አረፍ ሲሉ እንደሚተዋቸው የጠየቃቸው አልነበረም። የልብ ደም ሥራቸው ጠቦ ነበር። «በእጅዎ ያሳዩኝ» እና «ምን ሲያደርጉ ይመጣል?» የሚሉት ሁለቱ ከማንኛውም ጥያቄ ይቅደሙ።

የረቂቁ አዘጋጅ

ሰብሰብ ላድርገው። የመጀመሪያው ሰዓት ታሪክ መቀበል ይሁን፦ እጅ ማሳየት፣ ዳገቱ፣ ጠረጴዛው ላይ ምቱን መምታት፣ አቋቋሙ። ሁለተኛው ኢሲጂ ማንበብና ሰዓቱን መጻፍ፤ ወረቀቱ ላይ «ጥቃት ላይ እያለች» ወይም «ካለፈ በኋላ» ተብሎ እንዲጻፍ። ሦስተኛው የመድኃኒት ባለሙያዋ ያለችው ንግግር። ሁለት ታማሚ መስለው የሚቀርቡ ሰዎች ይኑሩ፤ አንዷ ኤስቪቲ፣ አንዷ ፓኒክ፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራቸው ቃል በቃል አንድ ይሁን። ከረጢቱ ወጥቷል።

ያልተስማማነው፦ ትምህርቱ በውስጥ ደዌ ልምምድ ውስጥ ይሰጥ ወይስ በሥነ አእምሮ?

የሥነ አእምሮ ሐኪም

በእኛ። ጊዜ የምንሰጠው እኛ ነን።

የልብ ሐኪም

ተማሪው ይህችን ልጅ የሚያገኛት ድንገተኛ ክፍል ነው፤ እዚያው ይማር እላለሁ። በሥነ አእምሮ ልምምድ ላይ ከሆነ ተማሪው ገና ሳያያት መልሱን ያውቀዋል።

ኢንተርን

እኔ ባለፈው ሳምንት ያየኋት የ22 ዓመት ተማሪ አለች። ኢሲጂዋ ደህና ነበር፤ «ፓኒክ» ብዬ ላክኋት። ወረቀቱ መቼ እንደተነሣ አልጻፍኩም። ስልኳ ካርዱ ላይ አለ። ነገ ደውዬ እንዴት እንደሚያቆምላት እጠይቃታለሁ።

የረቂቁ አዘጋጅ

ደውልላት። የልብ ሐኪሙ የዚያን የ200 ወረቀት ቅጂ፣ ስም ተሸፍኖ፣ እስከ ዓርብ ይላኩልኝ። የቦታው ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባ በድምፅ ይወሰን።