ባሕር ዳር፦ ለላፕቶፕና ለታብሌት የብቻ ዳታ ሲም ወይስ የስልክ ሆትስፖት?

ጠያቂዋ፦ ባሕር ዳር ያላችሁ፣ ጥቆማ ፈልጌ ነው። ፖሊ ካምፓስ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ የምኖረው አባይ ማዶ ነው። ላፕቶፔን በስልኬ ሆትስፖት ነው የምጠቀመው። የወር 15 ጊጋ ገዝቼ በ15ኛው ቀን አለቀብኝ። ሲም የሚቀበል ታብሌትም አለኝ። ለብቻው የዳታ ሲም ባወጣ ያዋጣኛል?

አንድ የባንክ ሠራተኛ፦ ሆትስፖት እኮ እጥፍ ነው የሚበላው። እኔ ላፕቶፔ ውስጥ ሲም ከከተትኩ ወዲህ ዳታዬ ወሩን ይጨርሳል። ለይተሽ አውጪ፣ ትገላገያለሽ።

ግሽ አባይ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን፦ ወንድሜ፣ የአንተ ዳታ ወር መድረሱ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። አንድ ጊጋ በሆትስፖትም በሲምም አንድ ጊጋ ነው። ልዩነቱ ላፕቶፑ ኢንተርኔቱን ምን ብሎ እንደሚያየው ነው። ውስጡ ሲም ሲገባ ዊንዶውስ በልክ የሚከፈልበት መስመር መሆኑን ያውቅና ይቆጥባል። ሆትስፖት ሲሆን ግን እንደማንኛውም ዋይፋይ ያየዋል። ያልተገደበ ይመስለውና አፕዴቱን ያወርዳል፣ ፎቶና ፋይሉን ወደ ክላውድ ይጭናል።

እህቴ፣ ሲም ከመግዛትሽ በፊት ላፕቶፕሽ ላይ `Data usage` የሚለውን ክፈቺና የሆትስፖትሽን ስም ምረጪ። የትኛው ፕሮግራም ስንት እንደበላ ይነግርሻል። ቁጥሩን እዚህ ጻፊልን።

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔም ታብሌት ገዝቼ ሲሙ አልሠራ አለኝ። ማስገቢያ ቀዳዳ ግን አለው። ሻጩ አታለለኝ ማለት ነው?

የሚጠግነው፦ እመቤት፣ የብዙ ታብሌት ቀዳዳ ለሜሞሪ ካርድ ብቻ ነው። ሴቲንግ ውስጥ `About tablet` ግቢና `IMEI` የሚል ቁጥር ፈልጊ። ከሌለ ታብሌቱ ዋይፋይ ብቻ ነው፤ ሲም ቢገባም አያነበውም። ቁጥሩ ካለና ኢንተርኔቱ ብቻ እምቢ ካለ ግን ኤፒኤኑ፣ ማለትም ሲሙ ወደ ኢንተርኔት የሚገባበት የሴቲንግ ስም፣ ሊሆን ይችላል። ለኢትዮ ቴሌኮም ሲም `etc.com` ተብሎ መሞላት አለበት።

ጠያቂዋ፦ አየሁት፣ ደነገጥኩ። ከላፕቶፑ 11 ጊጋ ሄዷል። `System` የሚለው ብቻ 5 ጊጋ፣ የፋይል መጫኛው 3 ጊጋ፣ ብሮውዘሬና ዙም አንድ ላይ 3 ጊጋ። ቀሪው 4 ጊጋ የስልኬ ነው።

የሚጠግነው፦ ተመልከቺ እንግዲህ። `System`ንና የፋይል መጫኛውን ስታወጪ፣ አንቺ አውቀሽ የተጠቀምሽው በ15 ቀን 7 ጊጋ ነው። በወር 14 ይሆናል። 15ቱ ጊጋ ይበቃሽ ነበር።

ዋይፋይ ውስጥ የሆትስፖትሽን ስም ክፈቺና `Metered connection` የሚለውን አብሪው። ትልልቁ አፕዴት ይቆማል፣ ፋይል መጫኑም ይቆማል። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ይህ የሚሠራው ለዚያ ስም ብቻ ነው። የሆትስፖቱን ስም ከለወጥሽ ወይም የሌላ ሰው ስልክ ከተጠቀምሽ እንደገና ማብራት አለብሽ። ማይፋይ የሚባለውን ሲም የሚገባበት የኪስ ዋይፋይ ብትገዢም እንደዚያው ነው። አፕዴቱን ግን ጨርሰሽ አትተዪው፤ ካምፓስ ዋይፋይ ስታገኚ አውርጂው።

ሁለት ሲም ማለት ሁለት ጥቅል ማለት ነው። ዋጋውን ለጊጋው ቁጥር አካፍዪና ተመልከቺ፤ ትልቁ ጥቅል ላይ አንዱ ጊጋ ይረክሳል። ሁለት ትንንሽ ስትገዢ ይወደድብሻል፣ ቀኑ ሲደርስም ከሁለቱም የተረፈው ሊቃጠል ይችላል።

የባንክ ሠራተኛው፦ ስለ እጥፉ ተሳስቻለሁ እሺ። ግን ሆትስፖት የስልክ ባትሪ ይጨርሳል። መብራት በጠፋ ቀን ስልኬ ሞቶ ሰው ሊያገኘኝ አልቻለም። ለዚህስ ሲም አይሻልም?

የሚጠግነው፦ እሱ ትክክል ነው። ስልኩ ከቤት ወጥቶ ታብሌቱ ልጆች ጋር ሲቀርም የራሱ ሲም ይሻላል። አንድ ችግር አለው፦ ብዙ ታብሌት ላይ `*999#` ደውሎ ጥቅል መግዛት አይቻልም። ሲሙን ወደ ስልክ መልሶ መግዛት ወይም ከሌላ ስልክ በቴሌብር ለዚያ ቁጥር መግዛት ነው። የሲሙን ቁጥር ጽፋችሁ አስቀምጡ፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

የዘጌ አስጎብኚ፦ እኔ 09ኙን ስልኬ ላይ፣ 07ቱን ታብሌት ላይ አድርጌያለሁ። ለዋጋ ብዬ አይደለም። ጀልባ ላይ ሆኜ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይይዛል።

ሌላ አስተያየት ሰጪ፦ ዘጌ ላይ ለእኔ ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሚጠፉት። ወደቡ ጋ ነው ወይስ ወደ ውስጥ ገባ ብለህ?

የዘጌ አስጎብኚ፦ ወደቡ ጋ። ገዳማቱ ዘንድ፣ ጫካው ውስጥ፣ እኔም አልሞከርኩትም።

ጠያቂዋ፦ `Metered connection` ካበራሁ አሥር ቀን ሆነኝ። ላፕቶፑ የበላው 2 ጊጋ ብቻ ነው። ሲሙን ለጊዜው አላወጣም። የፈተና ሰሞን ዙም ከበዛ ግን ትልቁን ጥቅል ልግዛ ወይስ 15ቱ ላይ የሳምንት ልጨምር፣ ገና አልወሰንኩም። የሞከራችሁ ጻፉልኝ።