«ሠርቻለሁ» በእንግሊዝኛ ማመልከቻ ውስጥ ምን ይባላል?

የኮምቦልቻ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ኮምቦልቻ ላለ የልብስ ፋብሪካ ለጥራት ተቆጣጣሪነት ላመለክት ነው። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይሁን ተብሏል። ረቂቁን ለአጎቴ ልጅ ባሳየው ሁለት ቦታ በቀይ አስምሮ መለሰልኝ። ምክንያቱን ግን አልነገረኝም። አንዱ «አይ ሃቭ ወርክድ ኢን ኤ ጋርመንት ፋክተሪ ኢን 2022» ይላል። ሌላው «አይ አም ወርኪንግ ኢን ኤ ስቶር ሲንስ 2023» ነው። በአማርኛ «ሠርቻለሁ» እና «እየሠራሁ ነው» ብዬ ነው ያሰብኩት፤ ምንም አይጎረብጥም። ታዲያ «ሠርቻለሁ» «ሃቭ ወርክድ» ካልሆነ ምንድን ነው?

ጸሐፊው ከፒያሳ፦ እህቴ፣ ደሴ ፒያሳ የጽሕፈት ቤት አለኝ፤ ማመልከቻ ስጽፍ ነው የምውለው። ዓመት ካለበት «ሃቭ»ን አውጪው። «አይ ወርክድ ኢን 2022» በይ። ሁለተኛውንም «አይ ወርክድ ሲንስ 2023» አድርጊው።

የቀድሞ መምህር፦ ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን በደንብ አርመኸዋል። ሁለተኛው ግን ሌላ ስህተት ሆነ። ነገሩ ዓመት መኖር አለመኖሩ ላይ አይደለም፤ ጊዜው መዘጋት አለመዘጋቱ ላይ ነው። 2022 አልፏል፣ ተዘግቷል። ስለዚህ «ወርክድ» ብቻ። «ሲንስ 2023» ግን ከዚያ ተነስቶ ዛሬ ድረስ የመጣ ጊዜ ነው። እዚህ ጋ «ሃቭ» የግድ ይገባል፦ «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ ኢን ኤ ስቶር ሲንስ 2023»።

የኛ «ሠርቻለሁ» ሁለቱንም ይሸከማል። «በ2014 ሠርቻለሁ» እንላለን፤ «በስፌት መኪና ሠርቻለሁ» ብለን መቼ እንደሆነ ሳንናገርም እናልፋለን። እንግሊዝኛው ይለያቸዋል። ጊዜው ያልተጠቀሰውና ልምዱን ብቻ የሚያወሳው «ሃቭ ወርክድ» መሆን ይችላል። ልጄ፣ ከመጻፍሽ በፊት ራስሽን ጠይቂ። «መቼ?» ለሚለው መልስ ከሰጠሽ «ወርክድ» ነው። «ከመቼ ጀምሮ?» ለሚለው ከሆነ «ሃቭ» ይምጣ።

የኮምቦልቻ ልጅ፦ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፋብሪካው ውስጥ ከጥቅምት 2014 እስከ ግንቦት 2015 ነበርኩ። ዓመት ከሰባት ወር ገደማ ነው። «አይ ሃቭ ወርክድ ዜር ፎር ናይንቲን መንዝስ» ብል ልክ ነው?

የቀድሞ መምህር፦ አይደለም፤ ይሄኛው ደግሞ ሰዋስው ብቻ ሳይሆን ትርጉም ያበላሻል። አንባቢው አሁንም እዚያው እንዳለሽ ነው የሚረዳው። ቀጥሎ የሱቁን ሥራ ሲያይ ሁለት ቦታ ትሠራለች ወይ ይላል። ለቀሽ ከወጣሽ «አይ ወርክድ ዜር ፎር ናይንቲን መንዝስ» በይ። ዘመኑንም ወደ ፈረንጁ መልሺው፦ ከኦክቶበር 2021 እስከ ሜይ 2023። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት ትጨምሪያለሽ። 2014 ብለሽ ብትተዪው ቀጣሪው ከእውነተኛው ጊዜ ሰባት ዓመት ቀድመሽ የሠራሽ ይመስለዋል።

ነርስ ከደሴ፦ ይቅርታ፣ ጥያቄው ስለ ነጠላ ሰረዝ መስሎኝ ነው የገባሁት። የኔ ማመልከቻ በሱ ምክንያት ተመልሶብኛል። «አይ ግራጁዌትድ ኢን ነርሲንግ፣ አይ ወርክድ ኢን ኤ ክሊኒክ፣ አይ አም አፕላዪንግ ፎር ዚስ ፖዚሽን» ብዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የጻፍኩት። ጊዜው እኮ ልክ ነው አይደል?

የቀድሞ መምህር፦ ጊዜው ልክ ነው። ስህተቱ ከአማርኛችን የመጣ ነው፤ ከጥያቄውም ብዙ አይርቅም። እኛ «ተመርቄ፣ ክሊኒክ ሠርቼ፣ አሁን አመለክታለሁ» እንላለን። «ተመርቄ» ብቻውን አይቆምም፤ ግሱ ራሱ ቀጥሎ ሌላ ግስ ይጠብቃል። ነጠላ ሰረዙ ማረፊያ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ግን «አይ ግራጁዌትድ» ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር በነጠላ ሰረዝ ብቻ አይጋጠምም። ወይ በነጥብ ለያቸው፣ ወይ የመጀመሪያውን ጥገኛ አድርጊው፦ «አፍተር ግራጁዌቲንግ ኢን ነርሲንግ፣ አይ ወርክድ ኢን ኤ ክሊኒክ።» እዚህ ላይ «አፍተር ግራጁዌቲንግ» የ«ተመርቄ»ን ሥራ ይሠራል።

ጸሐፊው ከፒያሳ፦ መምህር፣ ተቀብያለሁ። ግን ለሱቁ ሥራ «ሃቭ ወርክድ ሲንስ 2023» ቢልስ? ያጥራል።

የቀድሞ መምህር፦ እሱም ትክክል ነው። እኔ «ቢን ወርኪንግ»ን የምመርጠው ሥራው አሁንም እንደቀጠለ ጎልቶ ስለሚታይ ነው።

ጸሐፊው ከፒያሳ፦ ለኔ አጭሩ ይሻላል፤ ለማመልከቻ «ሃቭ ወርክድ» ይበቃል።

የኮምቦልቻ ልጅ፦ እንዲህ አደረግኩት፦ «አይ ወርክድ ኢን ኤ ጋርመንት ፋክተሪ ፍሮም ኦክቶበር 2021 ቱ ሜይ 2023። ሲንስ ዜን፣ አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ ኢን ኤ ስቶር።» ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ በነጥብ።

ነርስ ከደሴ፦ ጎበዝ! እኔ አሁን ያሳሰበኝ አማርኛው ነው። «በ2014 ሠርቻለሁ» እና «በ2014 ሠርቼ ነበር» ለኔ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው የተዘጋ ነገር ይመስለኛል። መምህር፣ እርስዎስ?