ስለ መኒ ሄይስት የጥያቄ ውድድር፦ አንድ መልስ ብቻ ያለው ጥያቄ እንዴት ይጻፋል?

ናቲ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ ለሰፈር ልጆች መኒ ሄይስት በሚባለው የስፔን የዝርፊያ ተከታታይ ፊልም ላይ የጥያቄ ውድድር አለን። ጥያቄው በድምፅ ይነበባል፣ ቡድኖቹ መልሳቸውን ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። እስካሁን ያዘጋጀኋቸው እነዚህ ናቸው፦
1. ፊልሙ ስንት ክፍል አለው?
2. ናይሮቢን የመታት ማን ነው?
3. ዘራፊዎቹ ስንት ናቸው?
4. የፕሮፌሰሩ ስም ማን ነው?
«የኛም መልስ ልክ ነው» የሚል ክርክር እንዳይነሳ እንዴት ላስተካክላቸው?

በረከት፦
ይሄማ ቀላል ነው። ለያንዳንዱ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለህ ምርጫ ስጣቸው። ከአራቱ አንዱን መምረጥ ግዴታ ከሆነ ማን ይከራከርሃል?

ቤዛ፦
በረከት፣ ምርጫ የሚያግዘው ጥያቄው ራሱ ከጠራ በኋላ ነው። አራተኛውን ውሰደው። ሀ ላይ ሰርጂዮ፣ ለ ላይ ሳልቫ ብለህ ብታስቀምጥ ሁለቱም መልስ ይሆናሉ። ሰውየው ከፖሊሷ ከራኬል ጋር የተዋወቀው ሳልቫ ነኝ ብሎ ነው፤ ጥያቄው ደግሞ የትኛውን ስም እንደሚፈልግ አይናገርም። ምርጫው ክርክሩን አያስቀረውም፣ እንዲያውም ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያጋጫቸዋል።

ናቲ፣ አራተኛውን እንዲህ አድርገው፦ «ፕሮፌሰሩ ከራኬል ጋር ሲተዋወቅ የነገራት ስም ሳይሆን፣ እውነተኛ የመጀመሪያ ስሙ ማን ነው?» መልሱ ሰርጂዮ ነው። «የመጀመሪያ» የሚለውን አትጣለው፤ ካልጻፍከው አንዱ ቡድን ሰርጂዮ ብሎ፣ ሌላው ሰርጂዮ ማርኪና ብሎ ያመጣልህና ለማን ሙሉ ነጥብ እንደምትሰጥ ትቸገራለህ። ሐረጉ ከረዘመብህ «እውነተኛ የመጀመሪያ ስሙ» ብቻውንም ይበቃል።

ከአራቱ ሁሉ የባሰው ግን የመጀመሪያው ነው። «ክፍል» ስትል አንዱ ሲዝኑን ይቆጥራል፣ ሌላው ኤፒሶዱን። ኤፒሶድ ብለህ ብታስተካክለውም አልዳንክም። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ የታየው በስፔኑ አንቴና 3 ነው፤ ያኔ የገንዘብ ማተሚያ ቤቱ ዝርፊያ ታሪክ በ15 ረጃጅም ኤፒሶዶች አለቀ። ኔትፍሊክስ ሲወስደው ያንኑ ታሪክ እንደገና ቆርጦ 22 አደረገው። ከዚያ በኋላ ራሱ ኔትፍሊክስ ያሠራቸው 8፣ 8 እና 10 ናቸው። ስለዚህ በኔትፍሊክስ አቆራረጥ ድምሩ 48 ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን በስፔን አቆራረጥ የቆጠረ ሰው ግን 41 ይልሃል። ሁለቱም አልተሳሳቱም።

በረከት፦
እሺ፣ «በኔትፍሊክስ ላይ» ብሎ ቢጨምርበትስ? ለሁሉም ጥያቄ ይሠራል ብዬ አስባለሁ።

ቤዛ፦
ለኤፒሶዱ ልክ ነህ፣ እዚያ ያድነዋል። «በኔትፍሊክስ አቆራረጥ፣ የስፔኑ መኒ ሄይስት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስንት ኤፒሶድ አለው?» ተብሎ ከተጻፈ መልሱ 48 ብቻ ነው። «የስፔኑ» ያልኩትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኮሪያው ዝግጅት አለ፣ እዚያም ፕሮፌሰርና የከተማ ስም ያላቸው ዘራፊዎች ስላሉ። ለናይሮቢ ጥያቄ ግን የኔትፍሊክስ ስም ምንም አይጠቅመውም። እዚያ ያለው ችግር ሌላ ነው።

ሄኖክ ዘአዳማ፦
ስለ ናይሮቢ ልጨምር። «የመታት» የሚለው ሁለት ጊዜ ሆኗል። ሲዝን 3 መጨረሻ ላይ በመስኮት ብቅ ስትል ከውጭ ያለ የፖሊስ አነጣጣሪ ተኮሰባት፣ ግን አልሞተችም። ሲዝን 4 ላይ የገደላት በሁለተኛው ዝርፊያ የሚዘረፈው ባንክ የጥበቃ ኃላፊ ጋንዲያ ነው። ሦስተኛ መልስም ይመጣብሃል፦ ወደ መስኮቱ እንድትወጣ ያደረገው የፖሊሷ የአሊሺያ ሲዬራ ዘዴ ስለሆነ «ሲዬራ ናት» የሚል አይጠፋም።

«ናይሮቢን ተኩሶ የገደላት ማን ነው?» በል። «መታ» ሁለቱንም ይሸፍናል፣ «ገደለ» አንዱን ብቻ። በየጥያቄው ግሡን እያየህ «ይሄ ነገር በታሪኩ ውስጥ ስንት ጊዜ ተደርጓል?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ከአንድ በላይ ከሆነ ወይ ግሡን አጥብበው፣ ወይ የትኛው ዝርፊያ ላይ እንደሆነ ጨምርበት።

ሦስተኛውም በዚሁ መንገድ ይቃናል። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ቀይ ቱታ ለብሰው የገቡት ስምንት ናቸው፦ ቶኪዮ፣ ሪዮ፣ በርሊን፣ ሞስኮ፣ ዴንቨር፣ ናይሮቢ፣ ሄልሲንኪ፣ ኦስሎ። ፕሮፌሰሩን ከውጭ ብትቆጥረው ዘጠኝ ይሆናሉ። ከታጋቾቹ አንዷ ሞኒካ በኋላ ወደነሱ ስለዞረች የሚጨምራትም አለ። ሁለተኛው ዝርፊያ ላይ ደግሞ አዳዲስ ሰዎች ተጨምረዋል። «በመጀመሪያው ዝርፊያ፣ በመጀመሪያው ቀን የከተማ ስም ይዘው ወደ ማተሚያ ቤቱ የገቡት ዘራፊዎች ስንት ናቸው?» ስትል ፕሮፌሰሩም ሞኒካም ይወጣሉ።

ጽጌ፦
እኔ የማዘጋጀው በአማርኛ በተተረጎሙ የቱርክ ተከታታዮች ላይ ነው። ልጆቹ ቶሎ ስለሚመልሱ ጥያቄዎቼን ማክበድ እፈልጋለሁ። «ይሄኛው ነገር የተደረገው በስንተኛው ኤፒሶድ ነው?» ብል ይከብዳቸዋል አይደል?

ቤዛ፦
ጽጌዬ፣ የናቲ ጥያቄ ስለማክበድ አልነበረም፣ ግን ያነሳሽው ነገር እዚህ ይገባል። የቱርክ ተከታታይ በሀገሩ አንዱ ኤፒሶድ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ ወደ ውጭ ሲሸጥ በአጫጭሩ ይቆራረጣል። በትርጉም ያየው ልጅ የሚጽፈው ቁጥርና በቱርክኛ ተከታትሎ ያየው ልጅ የሚጽፈው አይገናኙም። ኤፒሶድ ቁጥር ጥያቄውን ቢያከብደውም መልሱን ሁለት ያደርገዋል። ይልቅ ከንግግሩ ወይም ከትዕይንቱ ዝርዝር ጠይቂ፤ እሱ በአቆራረጥ አይቀየርም።

ሄኖክ ዘአዳማ፦
በድምፅ ስለሚነበብ አንድ ነገር ላስታውስ። «ከሚከተሉት ውስጥ ማተሚያ ቤቱ ያልገባው ማን ነው?» ዓይነቱን ተዉት። «ያል» በጫጫታ መሃል አይሰማም፤ ግማሹ «የገባው» ብሎ ይጽፋል። ደግሞ አማርኛ ባለቤቱን በግሡ ውስጥ ስለሚደብቀው «ሄልሲንኪ ኦስሎን ሲያገኘው ምን ይዞ ነበር?» ካልክ የያዘው ማንኛቸው እንደሆነ አይታወቅም። ስሙን ድገመው፣ አያስቀይምም።

በመጨረሻ ፊልሙን ለጨረሰ አንድ ሰው ጥያቄውን ስጠው፤ መልሱን ንገረውና «ሁለተኛ መልስ ፈልግልኝ» በለው። «መልሴ ልክ ነው?» ብለህ ብቻ ብትጠይቀው ከአንተ ጋር ተስማምቶ ያልፋል፤ ተከራከር ስትለው ነው ቀዳዳው የሚወጣው።

ናቲ፦
በጣም ጠቅማችሁኛል። እንግዲህ በዚሁ መንገድ አዲስ ጻፍኩ፦ «ኦስሎን የገደለው ማን ነው?» ግሡ «ገደለ» ነው፣ የሞተውም አንዴ ነው። አለቀ?

ሄኖክ ዘአዳማ፦
አለቀ። ሄልሲንኪ ነው፣ በትራስ አፍኖ።

ቤዛ፦
አልጨረስክም። ኦስሎን ከማይነቃበት ያደረሱት ለማምለጥ ሲሞክሩ ጭንቅላቱን የመቱት ታጋቾች ናቸው። ሄልሲንኪ ያፈነው ከዚያ በኋላ፣ አዝኖለት ነው። «ገዳዮቹ ታጋቾቹ ናቸው» ብሎ የሚጽፍ ቡድን አለ፣ ቀይ መስመር ልትጎትትበት አትችልም።

ሄኖክ ዘአዳማ፦
ትራሱን የያዘው ሄልሲንኪ ከሆነ ገዳዩ ሄልሲንኪ ነው። ታጋቾቹ አቆሰሉት እንጂ አልገደሉትም። በዚህ አልስማማም።

ቤዛ፦
አንተ ባትስማማም ቅዳሜ ዕለት ክርክሩ ይነሳል። ናቲ፣ «ኦስሎን በትራስ ያፈነው ማን ነው?» በለው።