የፓምፑ ቆጣሪ ውዝፍ፦ ለጋራው ደብዳቤ ሀሳብ አምጡ

ሰብሳቢ፦ የመብራት መቁረጫ ማስጠንቀቂያው ዛሬ ጠዋት የፓምፑ ክፍል በር ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። የሶስት ወር 6,745 ብር ውዝፍ አለባችሁ ይላል፣ የተሰጠን ጊዜ 10 ቀን ነው። የሶስቱም ወር ተከፍሏል። ስለዚህ በማህበሩ ስም አንድ ደብዳቤ ይጻፍና ውዝፉ ይሰረዝልን፣ ፓምፑም አይቆረጥ እንበል። በየቤታችሁ ቆጣሪ ላይ ተመሳሳይ ችግር ያለባችሁ አብሮ ይገባል። እስከ ሐሙስ ሀሳብ ስጡ።

ቤት 6፦ ተከፍሏል ካላችሁ ውዝፉ ከየት መጣ? እኛ በየወሩ ያዋጣነው ገንዘብ የት ነው ያለው? ፓምፑ ቢቆረጥ አራተኛ ፎቅ ውሃ ተሸክሜ የምወጣው እኔ ነኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሄ ጥያቄ ወደ እኔ ከሆነ በግልጽ ጠይቁኝ። 2,140፣ ቀጥሎ 1,985፣ ባለፈው ወር 2,310፣ በድምሩ 6,435 ከማህበሩ ሂሳብ በስልክ ከፍያለሁ። ከባንክ የመጣው መልእክት ሶስቱም አለኝ። የቀረው 310 እነሱ የጨመሩት ቅጣት ነው። አንድ ሳንቲም አላጎደልኩም።

ቤት 4፦ መፍትሄው ቀላል ነው፣ ባንኩ ጋ ሄዶ ክፍያዎቹ ይመለሱ ማለት ነው። ከተመለሰ በኋላ እንደ አዲስ እንከፍላለን።

ቤት 2፦ እኔም እንደዛ ሆኖብኛል! ወሩ ሊያልቅ ሲል ከፍዬ በነጋታው የመጣው ቢል ያለፈውን ወር እንዳልከፈልኩ አድርጎ ደመረው። የኔንም በደብዳቤው አስገቡልኝ።

ቤት 9፦ ቢሊንግ ክፍል 11 ዓመት ስለሰራሁ ትንሽ ልበል። እህቴ ቤት 2፣ ያንቺ ሌላ ነው። ቢሉ የታተመበትን ቀንና የከፈልሽበትን ቀን አስተያይው። ከታተመ በኋላ ከገባ በሚቀጥለው ቢል ላይ ራሱ ይስተካከላል፣ ካልተስተካከለ ያኔ ይጠየቃል። የፓምፑ ግን ሶስት ወር ሙሉ ነው፣ ሶስት ወር የሚዘገይ ክፍያ የለም፣ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ገብቷል። ገንዘብ ያዥ፣ ከባንክ የመጣው መልእክት የሚያሳየው ገንዘቡ ከእኛ መውጣቱን ብቻ ነው፣ የት እንደገባ አያሳይም። ክፍያው ላይ የተጻፈውን የደንበኛ ቁጥር ላኪልኝ። ቢሉ ላይ ያለውንም አብረሽ።

ቤት 15፦ ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ፣ ነገ ማታ ድራፍት እለጥፋለሁ። እንዲህ አይነቱን ነገር ዝም ማለት አይገባም።

ቤት 12፦ ከመጻፉ በፊት አንድ ነገር። ሰብሳቢው «ውዝፍ» የሚል ቃል ተጠቅሟል። ይህ ቃል በእኛ ማህተም ስር ከገባ ዕዳ እንዳለብን አመንን ማለት ነው። ውዝፍ የሚባለው ያልተከፈለ ነገር ነው፣ እኛ ከፍለናል። እኔ በዚህ ቃል ላይ አልፈርምም።

ሰብሳቢ፦ ጋሼ፣ ማስጠንቀቂያው ላይ የተጻፈውን ቃል ነው የደገምኩት።

ቤት 12፦ እነሱ ይጻፉት። እኛ «ውዝፍ ተብሎ የተገለጸው» ማለት አለብን።

ቤት 6፦ ውሃ ሊቆረጥብን ነው እኮ ስለ ቃል እናወራለን?

ቤት 12፦ ነገ ፍርድ ቤት ቢያደርሰን የሚነበበው ቃሉ ነው፣ አንተ ውሃ መሸከምህ አይነበብም።

ቤት 4፦ ጋሼ ልክ ናቸው፣ «ቀሪ ሂሳብ» ይባል።

ቤት 12፦ «ቀሪ» ደግሞ የባሰ ነው። ቀረ ማለት አልተከፈለም ማለት ነው።

ቤት 2፦ «ልዩነት» ብንለውስ?

ቤት 6፦ ልዩነት ካልን እንደራደር እንዳልን ይቆጥሩታል፣ ይልቅ ዝም ብላችሁ «ስህተት» በሉት።

ገንዘብ ያዥ፦ «ስህተት» ከተባለ የማን ስህተት ነው? የኔ ነው ልትሉ ነው? ለሁለት ዓመት ያለ ክፍያ ስሰራ አንድም ሰው አመሰግናለሁ ያለኝ የለም። ደብተሩን ነገ ላስረክብ።

ሰብሳቢ፦ ማንም እንደዛ አላለም። ቁጥሩን ለቤት 9 ላኪለት እባክሽ።

ገንዘብ ያዥ፦ ልኬዋለሁ። ስልኬ ላይ «ፓምፕ» ብዬ ያስቀመጥኩት ቁጥር ነው፣ ሁሌም በዛ ነው የምከፍለው።

ቤት 9፦ አገኘሁት። ክፍያው የገባበት ቁጥርና ቢሉ ላይ ያለው ቁጥር አንድ አይደለም። ቆጣሪው ተቃጥሎ ሲቀየር አዲስ የደንበኛ ቁጥር ተሰጥቶናል፣ ስልኩ ላይ የተቀመጠው ግን የድሮው ነው። ሶስቱም ክፍያ የገባው የድሮው ቁጥር ላይ ነው።

ቤት 4፦ የተዘጋ ቁጥር እንዴት ገንዘብ ይቀበላል? ባንኩ መመለስ ነበረበት እኮ።

ቤት 9፦ አይመልስም። ቆጣሪ ሲነሳ ቁጥሩ ወዲያው ከሲስተም አይጠፋም፣ የመጨረሻው ንባብ ተሰልቶ ሂሳቡ እስኪወጣና እስኪሰበሰብ ክፍት ይቆያል። የሚመጣው ስምም የማህበሩ ስለሆነ ከፋዩ አይጠራጠርም። እህቴ፣ ሁለተኛውን ወር ስትከፍዪ ስልኩ ላይ ቀሪ ምን ይል ነበር?

ገንዘብ ያዥ፦ ስክሪንሹት አለኝ ቆይ። -2,140 ይላል። ያለፈው ወር ያልተመዘገበ መስሎኝ ነበር፣ ከዛ ቢሉ ላይ ያለውን 1,985 ራሴ ጽፌ ላክሁ።

ቤት 9፦ ያቺ ሰረዝ ናት ነገሩን የምትነግረን። ቁጥሩ ፊት ሰረዝ ካለ ትርፍ ከፍላችኋል፣ እነሱ ለእናንተ ይይዛሉ ማለት ነው። አንዳንዱ ሲስተም ላይ ግን በተቃራኒው ሊሆን ስለሚችል ሁሌ ሂሳብ መግለጫ ነው የሚታየው። አሁን የሚጠየቀው «ይሰረዝልን» መሆን የለበትም፣ ሰብሳቢ ይቅርታ። አዲሱ ቁጥር ላይ በእርግጥ ሶስት ወር አልተከፈለም፣ ስለዚህ ይሰረዝ ብትሏቸው «አልከፈላችሁም» ብለው ይመልሷችኋል፣ ልክም ናቸው። ማለት ያለብን፣ ከድሮው ቁጥር ወደ አዲሱ 6,435 ይዛወር፣ ቅጣቱ 310 ይነሳ፣ ጉዳዩ እስኪታይ መቁረጡ ይቆም።

ቤት 12፦ «አልተከፈለም» አልክ። አየህ? አንተም ውዝፍ አለ እያልክ ነው።

ቤት 9፦ ጋሼ፣ ቁጥሩ ላይ አልተከፈለም ነው ያልኩት፣ ማህበሩ ግን ከፍሏል። ሁለቱ ይለያያሉ።

ቤት 12፦ ይለያያሉ ካልክ ደብዳቤው ላይም ይለይ። እኔ የምለው ይህንኑ ነው።

ቤት 6፦ ታዲያ ስህተቱ የኛ ነው ማለት ነው። ቅጣቱን ገንዘብ ያዥ ትክፈል።

ቤት 2፦ ነውር ነው ይሄ! አዲሱ ቁጥር የመጣ ጊዜ ለሁላችንም ተለጥፎ ነበር፣ ማን አነበበው? አንተ አንብበሃል?

ቤት 6፦ እሺ በንዴት ነው ያልኩት፣ ይቅርታ። ግን ቢሉ ላይ አዲሱ ቁጥር ነበር እኮ።

ገንዘብ ያዥ፦ ነበር። ገንዘቡን ብቻ አየሁ፣ ቁጥሩን አላየሁም። ይህን አምኛለሁ።

ቤት 4፦ እኔ አሁንም ባንኩ ይመልስልን ነው የምለው፣ ፈጣን ነው።

ቤት 9፦ አይደለም። በተሳካ ክፍያ ላይ ባንኩ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ ገንዘብ አያወጣም፣ ጥያቄው ሲመላለስ ሳምንታት ይሄዳሉ። ያ ሁሉ ጊዜ ደግሞ አዲሱ ቁጥር ላይ ዕዳው ይቆጥራል። ገንዘቡ እዛው ድርጅቱ ውስጥ ነው ያለው፣ ከአንድ ሂሳብ ወደ ሌላ ማዛወር የእነሱ የውስጥ ስራ ነው። ሙሉውን 6,435 እንደምናገኝም እርግጠኛ አትሁኑ፣ የድሮው ቆጣሪ የመጨረሻ ንባብ ካልተከፈለ ከዛ ላይ ይቀንሱታል። ለዚህ ነው የሁለቱንም ቁጥር መግለጫ፣ ቆጣሪው ከተቀየረበት ወር ጀምሮ፣ አትመው እንዲሰጡን የምንጠይቀው። ይዘን የምንሄደው የሶስቱ ክፍያ ማረጋገጫ ነው፣ ቀኑ፣ መጠኑ፣ የትራንዛክሽን ቁጥሩና የገባበት የደንበኛ ቁጥር የሚታይበት፣ ከባንክ ማህተም ያለው ቢሆን ይሻላል። ቆጣሪው የተቀየረበት ወረቀትም ያስፈልጋል፣ ሁለቱን ቁጥር የሚያገናኘው እሱ ብቻ ነው።

ሰብሳቢ፦ እሱ ወረቀት እኔ ጋ ነው፣ ግን ያ የሙቀት ወረቀት ስለሆነ ደብዝዟል። ወደ ብርሃን ዘንበል ሳደርገው የቆጣሪው ቁጥር ይነበባል፣ የደንበኛ ቁጥሩ የመጨረሻ ሁለት አሃዝ ጠፍቷል።

ቤት 9፦ ዛሬውኑ ፎቶ አንሳው፣ ወረቀቱ በየቀኑ ይጠፋል። የቆጣሪው ቁጥር ከተነበበ ይበቃል፣ እነሱ በዛ ያገኙታል። ቆጣሪው ላይ የተለጠፈውን ቁጥርም ፎቶ አንሳልን።

ቤት 2፦ እስከዛው የዚህ ወር ቢልስ ይከፈላል?

ቤት 9፦ በአዲሱ ቁጥር ይከፈል፣ ይሄ አከራካሪ አይደለም። ችግሩ ብዙ ሲስተም የሚገባውን ገንዘብ መጀመሪያ ለቅጣትና ለቆየው ወር ያውለዋል፣ ስለዚህ የዚህ ወር እንዳልተከፈለ ሆኖ ሊታይ ይችላል። አትደንግጡ፣ ማረጋገጫውን ያዙ። አቤቱታው ሲገባ ደግሞ የመዝገብ ቁጥር ሳትቀበሉ አትውጡ፣ ቆራጩ ሲመጣ የሚያቆመው ያ ቁጥር ነው፣ ቁጥሩን ካላየ ግን ላያቆም ይችላል።

ሰብሳቢ፦ ሐሙስ ነው ዛሬ። ቤት 15 ድራፍቱ የታለ?

ሰብሳቢ፦ ቤት 15?

ቤት 4፦ ትናንት ሻንጣ ይዞ ሲወጣ አይቼዋለሁ።

ቤት 12፦ ድራፍት እኔ ጀምሬያለሁ። «ውዝፍ ተብሎ በስህተት የተገለጸው» ብያለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ «በስህተት» አሁንም አለ።

ቤት 12፦ ልጄ፣ የነሱ ስህተት ማለቴ ነው።

ቤት 9፦ የነሱ አይደለም እኮ፣ ከነሱ መግለጫ ጋር የሚጋጭ ነገር ከጻፍን ይመልሱብናል። «በቀድሞው የደንበኛ ቁጥር የገባ ክፍያ እንዲዛወር» ይባል፣ ማንም አይነካም።

ቤት 12፦ ርዕሱ እንደዛ ይሁን። አንደኛው አንቀጽ ግን ይቆይ።

ቤት 6፦ እኔ ሌላ ሀሳብ አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም የጋራ ክፍያ ከመላኩ በፊት ሁለተኛ ሰው ቁጥሩን ከቢሉ ጋር አስተያይቶ እሺ ይበል። እኔ ሁለተኛው ሰው እሆናለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ከአንተ ጋር?

ቤት 6፦ ከእኔ ጋር። ጥፋቴን ልካስ።

ቤት 2፦ ይሄ ከደብዳቤው ይሻላል። የሁሉንም ቆጣሪ የደንበኛ ቁጥር በየቆጣሪው ሳጥን ላይ በቀለም እንጻፍበት፣ ስልክ ላይ የተቀመጠውም ይጥፋ። ለቀለሙ ከመጠባበቂያው ይውጣ።

ቤት 4፦ በዛው የፓምፑንና የደረጃ መብራቱን ቆጣሪ እንለይ። አንዱ ሲቆረጥ ሁለቱም አይጥፋ።

ሰብሳቢ፦ ይሄ ሌላ ወጪ ነው፣ ግን ሀሳቡ መልካም ነው። ስንት እንደሚያስወጣ ቤት 4 ጠይቅልን። ሀሳባችን እንግዲህ የሁለት ሰው ፍተሻ፣ የሳጥኑ ቀለም፣ የቆጣሪው መለየት ሆኖ ለእሁዱ ስብሰባ ይቅረብ።

ቤት 9፦ ደብዳቤውስ? ከ10 ቀኑ 7 ነው የቀረው፣ እሁድ ሲያልፍ 4 ይሆናል።

ሰብሳቢ፦ ጋሼ ሲጨርሱ ይፈረማል። አንተ መግለጫውን አስቀድመህ ብትጠይቅስ?

ቤት 9፦ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ፣ ግን ያለ ውክልና አይሰጡኝም። ማህተም ያለበት አንድ መስመር ጻፍልኝ፣ ያ ብቻ ይበቃኛል።

ቤት 12፦ በውክልናው ላይ «ውዝፍ» እንዳይገባ።

ሰብሳቢ፦ አይገባም። የሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው? የቆጣሪውን ፎቶ ማንሳት አለብኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ቤት 15 ጋ ነበር።