ፍሎር እና ሲሊንግ ያለበት ኢንኳሊቲ፦ መፍትሔዎቹን ሳልሞክር እንዴት ልቁጠር?

ሰላም ለሁላችሁ። ከ1 እስከ 100 ካሉት ሙሉ ቁጥሮች ⌊n/3⌋ ≤ ⌈n/4⌉ን የሚያሟሉት ስንት ናቸው?

⌊n/3⌋ ከ (n−2)/3 አያንስም፣ ⌈n/4⌉ ደግሞ ከ (n+3)/4 አይበልጥም። ስለዚህ (n−2)/3 ≤ (n+3)/4፣ ማለትም n ≤ 17 መሆን አለበት። ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። አንድ በአንድ ስሞክር 12፣ 15 እና 16 ወደቁ፤ 14 መፍትሔ ቀረ።

መሞከሩ እዚህ ቀላል ነው። በ3 እና በ4 ፋንታ 30 እና 31 ሲሆኑ ግን ገደቡ 1799 ይደርሳል!

⌊n/3⌋ = k ብዬ 3k ≤ n ≤ 3k+2 አገኘሁ። የተያዝኩት ከዚህ በኋላ ነው። ⌈n/4⌉ ≥ k የሚለውን ወደ n እንዴት ልቀይረው? n ≥ 4k እንዳልል፣ k = 4 ሲሆን 13 እና 14 ትክክል ሆነው ሳለ ይቀራሉ። ትክክለኛውን ድንበር ከነምክንያቱ የምታስረዱኝ ካላችሁ በጣም አመሰግናለሁ።